መጀመሪያ ጭቃው ይውጣ

በሐምሌ ጎርፍ ከሞላ ወንዝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ማታ መስኮት ላይ ያስቀምጡት። ጠዋት ሲነሡ ከሥሩ ስስ የአሸዋና የደለል ንጣፍ ተኝቶ ያገኛሉ። ከላይ ያለው ውሃ ግን አሁንም ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። በማግሥቱም ያው ነው፤ በሦስተኛው ቀንም ለውጡ እምብዛም አይታይም። ጠላ ቢሆን አተላው ወርዶ በጠለለ ነበር። ይህ ውሃ ግን በራሱ አይጠልልም።

የከተማ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የሚታገለው ከዚህ አልወርድም ካለ ቀለም ጋር ነው። ብዙዎቻችን "ውሃ ይታከማል" ሲባል ትዝ የሚለን ክሎሪን ነው፤ ተህዋስያኑን የሚገድለው እሱ ነውና። ወደ ጣቢያው የገባ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። ቦታውን የያዙት ሰፋፊ ገንዳዎች በሙሉ የጭቃ ማውጫ ናቸው። ክሎሪኑ የሚገባው በመጨረሻ፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል በሚመጣ ቀጭን ቱቦ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ሥራ ከተበላሸ ደግሞ ክሎሪኑም ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። ቤት ውስጥ ውሃ ለሚያክም ሰውም ሕጉ ይኸው ስለሆነ፣ ጽሑፉን በዚህ ክር ይዤ እሄዳለሁ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ለገዳዲ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ያለው ይህ ግድብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በኋላ በአቅራቢያው የተሠራው የድሬ ግድብ ውሃ ተጨምሮለታል። በከተማዋ በስተምዕራብ ደግሞ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጠው ገፈርሳ አለ። የለገዳዲ ውሃ የሚጠራቀመው ከታረሰ መሬት ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ የገበሬውን አፈር አጥቦ ወደ ግድቡ ያወርደዋል። ከባዱ ደለል በግድቡ ወለል ላይ ይቀራል፤ የደቀቀው ሸክላ አፈር ግን ወራት አልፎትም ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ከመሬት በታች በዐለትና በአፈር ተጣርቶ የመጣ በመሆኑ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ክሎሪን ብቻ ነው። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ቧንቧ ሁለት የተለያየ ታሪክ ያለው ውሃ ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላው የማይወርደው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት መጠኑ ነው። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ የሆነ የሸክላ ቅንጣት፣ ምንም በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ 1 ሜትር ለመውረድ ወደ 13 ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ በአሥር እጥፍ ያነሰው ቅንጣት ደግሞ ያንኑ 1 ሜትር ለመውረድ ከሦስት ዓመት በላይ ይወስዳል። በእርግጥ እስከዚያ ድረስ የሚረጋ ውሃ የለም፤ ትንሽ ነፋስ፣ ትንሽ የፀሐይ ሙቀት መልሶ ያነሣዋል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት ግን የኤሌክትሪክ ሙል ነው። እያንዳንዱ የሸክላ ቅንጣት በላዩ ላይ አሉታዊ ሙል አለው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሙል ስለያዙ፣ ሁለት ማግኔት በአንድ ዓይነት ጫፋቸው ሲጠጋጉ እንደሚገፋፉት ሁሉ እነሱም ይገፋፋሉ። ተጋጭተው ቢጣበቁ ይከብዱና ይወርዱ ነበር፤ ነገር ግን አይነካኩም። ስለዚህ ጣቢያው የመጀመሪያ ሥራው ይህን ጠብ ማብረድ ነው።

አስታራቂው አሉሚኒየም ሰልፌት ይባላል፤ በሠራተኞቹ አፍ በአጭሩ አሉም። በአገራችን የሚያመርተው ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ላይ አለ። አሉም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሉሚኒየሙ ጠንካራ አዎንታዊ ሙል ይዞ ይወጣል። የሸክላውን አሉታዊ ሙል ያጣፋዋል፤ መገፋፋቱም ይቀራል። ከዚያም የተረፈው አሉሚኒየም ከውሃው ጋር ተዋህዶ እንደ እርጎ ያለ ነጭ፣ የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። ይህ ነገር ሲንሳፈፍ ሸክላውን፣ ባክቴሪያውን፣ የበሰበሰ ቅጠል ቀለሙን ሁሉ እየለቀመ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የማማሰሉ አኳኋን ወሳኝ ነው። አሉሙ ሲገባ ውሃው በኃይል መናጥ አለበት፤ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃል። አሉሚኒየሙ ሥራውን የሚጨርሰው በሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ውሃው ሁሉ ካልደረሰ አንዱ ጥግ ሲበዛበት ሌላው ጥግ ምንም አያገኝም። ቀጥሎ ግን ፍጥነቱ ይቀየራል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውሃው ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ ይማሰላል። ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች ይነካካሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ያድጋሉ። መጨረሻ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ወይም ከዚያ ከፍ ያለ፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ቁራሽ ይሆናሉ። ባለሙያዎቹ ፍሎክ ይሉታል። በዚህ ጊዜ ማማሰያው ከፈጠነ ያ ሁሉ የተለፋበት ጥጥ ይበጣጠሳል፤ አንዴ ከተበጣጠሰ ደግሞ እንደ በፊቱ መልሶ አይጣበቅም።

መጠኑ እንዴት ይታወቃል? ከመጽሐፍ አይገኝም፤ በየቀኑ ከሚመጣው ውሃ መጠየቅ ነው። በጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ስድስት ቢከሮች በአንድ ረድፍ የሚቆሙበት፣ ከላያቸው ስድስት ማማሰያዎች እኩል የሚሽከረከሩበት መሣሪያ አለ። ባለሙያዋ በስድስቱም ውስጥ ያንኑ ድፍርስ ውሃ ትሞላለች፤ ከዚያ ለመጀመሪያው በሊትር 10 ሚሊግራም፣ ለሁለተኛው 20፣ ለሦስተኛው 30 እያለች እስከ 60 ድረስ አሉም ትጨምራለች። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ሃያ ደቂቃ በዝግታ ካማሰለች በኋላ ሞተሩን ታጠፋና ትጠብቃለች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚታየው ነገር ውብ ነው። የመጀመሪያው ቢከር እንደነበረ ቡናማ ነው፤ አሉሙ አልበቃውም። በሁለተኛው ደቃቅ ነጠብጣብ ተፈጥሯል፤ ግን እየተንሳፈፈ ነው። በሦስተኛው ፍሎኩ መውረድ ጀምሯል፤ ውሃው ግን ጭስ የገባበት ይመስላል። በአራተኛው ከሥር አንድ ጣት የሚሆን ቡናማ ጥጥ ተጋድሟል፤ ከላይ ያለው ውሃ በቢከሩ ማዶ ያለ ጽሑፍ ያስነብባል። አምስተኛው ከአራተኛው የተሻለ አይደለም። ስድስተኛው ግን መልሶ ደፍርሷል። አሉም ሲበዛ ሸክላው ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ ሙል ይገለበጥና እንደገና መገፋፋት ይጀምራል። "ትንሽ ጨምርበት፣ አይጎዳም" የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

እንግዲህ መልሱ በሊትር 40 ሚሊግራም ነው እንበል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚያወጣ ጣቢያ በዚህ ስሌት 4,000 ኪሎ አሉም ይፈልጋል፤ 50 ኪሎ የሚይዝ ከረጢት 80 ማለት ነው፣ በየቀኑ። ዛሬ ማታ ከባድ ዝናብ ጥሎ የነገው ውሃ የባሰ ድፍርስ ሆኖ ቢመጣ ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ፈተናው እንደገና መደረግ አለበት። በክረምት የውሃ ጥራት የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት የአሉሙ መጠን የትናንቱን ውሃ ተከትሎ ሲቀር ነው።

አሉም ሌላም ጠባይ አለው፤ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል። በተፈጥሮው ይህን አሲድ የሚቋቋም ማዕድን የሚያንሰው ውሃ ሲገጥም፣ አሉሙ በበዛ ቁጥር ውሃው አሲዳማ ይሆንና ፍሎኩ በትክክል መፈጠሩን ይተዋል። መፍትሔው ኖራ መጨመር ነው፤ ቤት የምንቀባው ኖራ ዓይነት፣ ነገር ግን ለመጠጥ ውሃ የተዘጋጀ ንጹሕ። አሉም በተሻለ የሚሠራው ፒኤች ከሚባለው መለኪያ 6 እና 7.5 መካከል ስለሆነ ባለሙያዋ ከዓይኗ ጋር ይህንንም መለኪያ ታያለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ፍሎክ የሞላው ውሃ ወደ ሰፊ ማዝቀጫ ገንዳ ገብቶ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት እጅግ በዝግታ ይጓዛል። ጥጡ ወደ ሥር ይወርዳል፤ የጠለለው ውሃ ከላይ በጥርሳማ ቦይ ጠርዝ እየፈሰሰ ያልፋል። በገንዳው ዳር የቆመ ሰው ሥራው መሳካቱን በዓይኑ ይፈርዳል፤ ጥጥ ቁራሾች ጠርዙን አልፈው ሲፈሱ ካየ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምናልባት የሥሩ ዝቃጭ በጊዜ አልወጣም፣ ምናልባት ከአቅም በላይ ውሃ እየገባ ነው።

ቀጥሎ አሸዋው ይመጣል። አሸዋው ራሱ ፍሬው የጤፍ ያህል ነው፤ ውፍረቱም ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይሆናል። በጤፍ ክምር መሐል ሊያልፍ የሚሞክር የሸክላ ቅንጣት ክፍተቱ በጣም ሰፊ ነው፤ በወንፊት ስሌት ቢሆን ያልፋል። የሚይዘው ወንፊትነቱ አይደለም። አሉሙ ሙሉን ያጣፋለት ቅንጣት በአሸዋው ገጽ ላይ ሲደርስ ይጣበቃል። አሉሙ ያልነካው ቅንጣት ግን አሸዋውን እየገፋ ያልፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገንዳ ላይ የተሠራ ስሕተት እዚህ አሸዋው ጋ ይጋለጣል። አሸዋው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠግባል፤ ያን ጊዜ ንጹሕ ውሃ ከሥር ወደ ላይ በኃይል ተለቆበት ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ከወትሮው ያነሰ ጥራት ስላለው፣ በደንብ የሚመራ ጣቢያ እሱን ለይቶ ያስወግደዋል።

ከአሸዋው የወጣው ውሃ ለዓይን ፍጹም ንጹሕ ነው። ዓይን ግን እዚህ ላይ አይበቃም። የውሃ ድፍርስነት የሚለካበት ኤንቲዩ የሚባል መስፈሪያ አለ። ብርጭቆ ውስጥ የሚታየን ድፍርስነት ወደ 5 ኤንቲዩ አካባቢ ነው የሚጀምረው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ውሃው ከ1 ኤንቲዩ በታች እንዲሆን ይመክራል። በሁለቱ ቁጥሮች መሐል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ የምትባል ከተማ አይታለች።

እ.ኤ.አ. በ1993 መጋቢት ማብቂያ ላይ ከሚልዋኪ ሁለት ማጣሪያ ጣቢያዎች በደቡብ ያለው ችግር ገጠመው። ከሚሺጋን ሐይቅ የሚቀዳው ውሃ ጠባዩ ተለዋወጠ፤ ጣቢያው ከአሉም ወደ ሌላ ዓይነት የአሉሚኒየም ውህድ ከተዛወረ ገና ወራት ቢሆነው ነው፤ መጠኑንም በጊዜ ማስተካከል አልቻለም። የተጣራው ውሃ ድፍርስነት ወደ 1.7 ኤንቲዩ ወጣ። ቧንቧ ከፍቶ ብርጭቆ የሞላ ሰው ምንም አያይም ነበር። ክሎሪኑም በመደበኛ መጠኑ ገብቶ ነበር። ነገር ግን አሸዋውን ካለፉት መካከል ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ጥገኛ ተህዋስ ነበረበት፤ ይህን ተህዋስ በከተማ ውሃ ውስጥ የሚገኝ የክሎሪን መጠን አይገድለውም። ከ400,000 በላይ ሰው በተቅማጥ እንደታመመ ተገምቷል፤ ሞትም ነበረ፣ በተለይ የመከላከል አቅማቸው በኤችአይቪ በተዳከመ ሰዎች ላይ። ያን ተህዋስ ማስቀረት የሚችለው አሉምና አሸዋ ነበር፤ እነሱ ላሉ፤ ክሎሪኑ ብቻውን ቀረ።

ጭቃና ክሎሪን የማይስማሙበት ሌላም ምክንያት አለ። ክሎሪን መርጦ አይገድልም። ያገኘውን ነገር ሁሉ ያጠቃል፤ ባክቴሪያም ይሁን የበሰበሰ ቅጠል፣ ብረትም ይሁን አፈር። በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ጨምረን ቆሻሻው 1.4 ሚሊግራሙን ቢበላው የሚተርፈው 0.6 ነው። ቆሻሻው ሁለቱንም ሚሊግራም ቢበላው ለባክቴሪያው ምንም አልተረፈም፤ ክሎሪን ግን "ገብቷል"። በዚያ ላይ በአፈር ቅንጣት ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያን ክሎሪኑ አይደርስበትም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ምን ያህል ክሎሪን ጨመርን ሳይሆን ምን ያህል ተረፈ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ይትረፍ ነው፤ እንዲሁም በቤት ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ይገኝ።

ይህ የተረፈው ክሎሪን የመንገድ ስንቅ ነው። ውሃው ከጣቢያው ወጥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ቧንቧ፣ ብዙ መገጣጠሚያ፣ ብዙ የሰፈር ማጠራቀሚያ ያልፋል። በፈረቃ በሚታደል ከተማ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ውሃው ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ስንጥቅ ካለ በዙሪያው ያለው እርጥብ አፈር፣ አልፎም የፍሳሽ ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣውን ቡናማ ውሃ አፍስሰን የምንጥለው በደንብ ነው። ከዚያ በኋላ በጣራ ላይ ባለ ሮቶ ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ የመንገድ ስንቁ ያልቃል። ማጣሪያ ጣቢያው ሥራውን በሚገባ ሠርቶ እንኳ፣ ቤት ደርሶ የተጠራቀመ ውሃ እንደገና መታከም ሊያስፈልገው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የክሎሪን ሽታ የሚያስጠላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ደካማ የክሎሪን ሽታ ግን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ስንቁ እንዳላለቀ ይነግረናል። ሁልጊዜ ትሸት የነበረች ቧንቧ በድንገት ሽታዋን ስታጣ ነው መጠርጠር።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከምንጭ፣ ከወንዝ ወይም ካልተጠበቀ ጉድጓድ የሚቀዳ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ገንዳ በጓሮው መሥራት አይችልም። ቅደም ተከተሉን ግን መከተል ይችላል፤ መጀመሪያ ማጥራት፣ ከዚያ መግደል።

ድፍርስ ውሃ የቀዱ ከሆነ በእንስራ ወይም በባልዲ አንድ ሌሊት ይቀመጥ። ከባዱ ይወርዳል። ከላይ ያለውን ሥሩን ሳያናውጡ ወደ ሌላ ዕቃ ያውርዱና ንጹሕ ነጠላ ወይም ሌላ ስስ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፈው ያጥልሉት። በባንግላዴሽ ሴቶች የሳሪ ጨርቃቸውን እንዲህ አጥፈው በማጣራታቸው የኮሌራ በሽታ በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል፤ የኮሌራ ተህዋስ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚገኝ ጨርቁ ከእንስሳቱ ጋር ይይዘዋል። ብቻውን የቀረውን ባክቴሪያ ግን ጨርቅ አያስቀረውም።

የሸክላው ቀለም ከጨርቁ ካለፈ የሚያጠራው ነገር ያስፈልጋል። በደቡብ አካባቢ ቅጠሉ የሚበላው ሽፈራው እዚህ ላይ ሥራ አለው፤ የሚሠራው ግን ቅጠሉ ሳይሆን ፍሬው ነው። የደረቀው ፍሬ ቅርፊቱ ተልጦ ይወቀጣል፤ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ በጨርቅ ይጠላል፤ ከዚያ ወደ ድፍርሱ ይገባል። በውስጡ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል ስላለው ልክ እንደ አሉም ሸክላውን ያስታርቃል። በጣም ለደፈረሰ ውሃ በሊትር ከአንድ እስከ ሁለት ፍሬ፣ ትንሽ ለደፈረሰ ደግሞ ለአራት ሊትር አንድ ፍሬ እንደ መነሻ ይወሰዳል። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ በዝግታ ያማስሉት፤ ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይተዉት። ድካሙም አለው። የፍሬው ቅሪት ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ባክቴሪያ ተመልሶ ይራባበታል፤ ውሃው በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ብዙ ባክቴሪያ አብሮ ቢወርድም የሚተርፍ አለ፤ ስለዚህ ከሽፈራው በኋላ መግደያ ይፈለጋል።

ማጣሪያ ጣቢያውን በአንዲት ከረጢት ያስገባው ደግሞ እንደ ቢሻን ጋሪ ያለ ዱቄት ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ጥሩ ውሃ ማለት ነው። በውስጡ አጥሪውም ክሎሪኑም አብረው አሉ። በ20 ሊትር ጀሪካን መጠን የተዘጋጀ ነው፤ ዱቄቱን ጨምረው ሲያማስሉ ያ በቢከር ያየነው ጥጥ ዓይንዎ ሥር ይፈጠራል፣ ይወርዳል። ከዚያ በጨርቅ ይጠላል፣ ይቀመጣል። የከረጢቱን መመሪያ ማንበብና ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ከሥር የቀረው ዝቃጭም ልጆችና ከብት በማይደርሱበት ይጣል።

የጠራ ውሃ በእጃችን ካለ መግደያው ብዙ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለ ለመጠጥ ውሃ የተዘጋጀ ክሎሪን ሲገኝ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ካልተገኘ ልብስ የምናነጣበት በረኪና ይሠራል፤ ሽቶና ሳሙና ያልተጨመረበት፣ የክሎሪኑ መጠን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበት ከሆነ። 5 በመቶ የሚል በረኪና ይዘናል እንበል። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 50 ሚሊግራም ክሎሪን አለ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ 1 ሚሊሊትር ስበው ወደ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጨምሩት በሊትር 2.5 ሚሊግራም ይሆናል፤ ለጠራ ውሃ ይበቃል። ውሃው ትንሽ ጭስ ካለበት 2 ሚሊሊትር ያድርጉት። ጀሪካኑን አናውጠው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ ያሽትቱት። ደካማ ሽታ ካለ ጥሩ ነው። ምንም ካልሸተተ ቆሻሻው ክሎሪኑን በልቶታል፤ ያንኑ መጠን ደግመው ሌላ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያም በኋላ ካልሸተተ ወይ ውሃው ገና አልጠራም፣ ወይ በረኪናው አርጅቷል። ፀሐይና ሙቀት ላይ የቆየ በረኪና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጉልበት የለውም።

ማፍላት ከሁሉም የታመነ ነው፤ ክሎሪን የማይገድለውን ክሪፕቶስፖሪዲየምንም ይገድላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 አካባቢ ነው። ተህዋስያኑን ለመግደል ይህም ይበቃል፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ሰዎች ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ይቆይ የሚለው ምክር ለጥንቃቄ ነው። ድክመቱ እንጨትና ከሰል መብላቱ፣ ደግሞም ምንም ስንቅ አለመተዉ ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ያልታጠበ ኩባያ ከገባ መከላከያ የለውም።

እንጨቱም ክሎሪኑም በሌለበት ፀሐይ አለች። ወረቀቱ የተላጠ፣ ያልተጫረ፣ እስከ 2 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ቆርቆሮ ጣራ ላይ በጎኑ ያስተኙት፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት፣ ሰማዩ ግማሹን ደመና ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን። በተከታታይ ዝናብ ጊዜ አይሠራም። እዚህም ያው ሕግ አለ፤ ጨረሩ ድፍርስ ውሃ ውስጥ አይገባም። ለመፈተን የሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ ያቁሙና በአፉ በኩል ወደ ታች ይመልከቱ። የጋዜጣው ርዕስ ካልተነበበ ውሃው ገና ይጥራ።

አንድ ነገር ግን ከእነዚህ አንዳቸውም አይሞክሩትም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የጥርስ መበለዝና የአጥንት ሕመም ያመጣል። ውሃው ጠርቶ የሚታይ ስለሆነ ዓይን አይለየውም፤ ክሎሪን አይነካውም፤ ማፍላት ደግሞ ውሃውን እያተነነ ፍሎራይዱን ያጠነክረዋል። ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ልጆች በብዛት የሚታዩበት መንደር ከጉድጓዱ ውሃ አስመርምሮ ሌላ ምንጭ ሊፈልግ ይገባዋል።

የታከመውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ኩባያ እየነከሩ አይቅዱ፣ አዘንብለው ወይም በቧንቧው ያውርዱ። ክሎሪን ጨምረው ከሆነ ደግሞ ለሕፃኑ ከመስጠትዎ በፊት ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ 30 ደቂቃው ካልሞላ ይጠብቁ።